ከ55 የታረመ ፈተና ወደ መቶ ሲቀየር

ደብረ ብርሃን አጠገብ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የሰባተኛ ክፍል ኃላፊ መምህር ሆኜ በምሠራበት ጊዜ፣ የሳይንስ መምህራችን የአጋማሽ ሴሚስተሩን ፈተና አርሞ ሳይጨርስ ለለቅሶ ወደ መሐል ሜዳ ሄደ። ወረቀቶቹን ይዞ ስለነበር እዚያው አርሞ የአርባ ስምንቱን ተማሪዎች ወረቀት በስልኩ ፎቶ እያነሳ በቴሌግራም ላከልኝ። ሮስተሩ በማግሥቱ መግባት ስለነበረበት ውጤቱን የመሙላቱ ሥራ የእኔ ሆነ።

ፈተናው ከ55 የተያዘ ነበር፤ እውነት ወይም ሐሰት 10፣ አዛምድ 10፣ ምርጫ 20፣ ባዶ ቦታ ሙላ 5፣ ሠርተህ አሳይ 10። ሮስተራችን ግን ውጤቱን ከመቶ ብቻ፣ ያውም ያለ ነጥብ በሙሉ ቁጥር ነው የሚቀበለው። መቶን ለ55 ባካፍል 1.81 እያለ የማያልቅ ቁጥር መጣብኝ፤ ሌሊቱ እየገፋ ስለነበር 1.8 ብዬ ያዝኩትና የእያንዳንዱን ተማሪ ውጤት በእርሱ እያባዛሁ ከነጥብ በኋላ ያለውን እየጣልኩ ሞላሁት።

መምህሩ ተመልሶ ወረቀቱን ካደለ በኋላ አንዲት ተማሪ በእረፍት ሰዓት ወደ ቢሮዬ መጣች። ወረቀቷን በሁለት እጇ ይዛለች፤ በራሱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ 55/55 ተጽፎበታል። «መምህር፣ ማስታወቂያው ላይ 99 ይላል። አንዷን ማርክ የት እንዳጣኋት እንዲያሳዩኝ ነው» አለችኝ። ወረቀቱን ገልብጬ ባየውም አንድም የስሕተት ምልክት አልነበረበትም። 55 በ1.8 ሲባዛ 99 ነው፤ ማርኳን ያስቀረሁባት እኔ ነበርኩ።

ነገሩን የሰማ አንድ ባልደረባዬ «ለሁሉም አንድ አንድ ጨምርላቸውና ይለቅ» አለኝ። ይህን ባደርግ ሌላ ስሕተት እጨምር ነበር። የማባዣው ጉድለት ለሁሉም እኩል አይደለም፤ ውጤቱ ከፍ ባለ ቁጥር ጉድለቱም ያድጋል፤ 55 ላይ አንድ ሙሉ ማርክ ሲሆን ግማሹ፣ 27.5 ላይ፣ ግማሽ ማርክ ብቻ ነው። 44 ያገኘ ተማሪ ትክክለኛ ውጤቱ 80 ሲሆን 79 ተጽፎበት ነበር፤ 25 ያገኘው ግን በሁለቱም መንገድ 45 ነው የሚሆነው፤ አንድ ብጨምርለት ያላገኘውን እሰጠዋለሁ። ስለዚህ ሁሉንም ከመነሻው መሥራት ግድ ሆነ።

በዚህ ጊዜ ማባዣውን አላሳጠርኩም። መቶ ለ55 ሁለቱም ለአምስት ሲካፈሉ 20 ለ11 ስለሚሆኑ፣ በእጅ ለሚሠራ ሰው ውጤቱን በ20 አባዝቶ ለ11 ማካፈል ይበቃዋል። እኔ በኤክሴል ሠራሁት፤ ማጠጋጋቱም የሚመጣው ስሌቱ ካለቀ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፦

```
=ROUND(B2/55*100,0)
```

የተማሪዎቹን ውጤት ከማስገባቴ በፊት 11፣ 22፣ 33፣ 44 እና 55ን ጽፌ ሞከርኩት። ከነጥብ የጸዳ 20፣ 40፣ 60፣ 80 እና 100 መስጠት አለበት፤ ሰጠም። በመጀመሪያው ሌሊት 55ን ብቻ እንኳ ብሞክር ኖሮ 99 ሲመጣ ወዲያው እነቃ ነበር።

ይሁንና አንድ ልጅ ቀረ። በፊት 48 የነበረው ውጤቱ በአዲሱ ስሌት 49 ሆነ፤ በትምህርት ቤታችን ማለፊያው 50 ነው። በአንድ ማርክ ሲወድቅ ዝም ብዬ ማለፍ ስላልቻልኩ ወረቀቱን አስመጣሁና ክፍል በክፍል ደመርኩት፤ 8፣ 6፣ 8፣ 2.5 እና 3። ድምሩ 27.5 ነው፤ እኔ ግን 27 ብዬ ነበር ያስገባሁት። ፎቶውን ከስልኬ አውጥቼ ሳተልቀው ከ27 ጎን የተጻፈችው ትንሿ ½ የመብራቱ ነጸብራቅ ካረፈበት ነጭ ቦታ ላይ ወድቃ ጠፍታለች። ከ55 ሲታይ ያች ግማሽ ማርክ ትንሽ ትመስላለች፤ ወደ መቶ ስትቀየር ግን 0.9 ትሆናለች። 27.5 ደግሞ የ55 ልክ ግማሽ ስለሆነ የልጁ ውጤት 50 ነው።

ይህን ካየሁ በኋላ በሌሎቹም ላይ እምነት አጣሁና የአርባ ስምንቱንም ወረቀት ከሳይንስ መምህሩ ጋር ተቀምጠን፣ እርሱ የየክፍሉን ማርክ እያነበበ እኔ እየደመርኩ፣ ከሮስተሩ ጋር አመሳከርነው። የተነበበው ድምር የተሳሳተበት ያ አንድ ልጅ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የተስተካከሉትን ውጤቶች በአንድ መስመር ሰርዤ ትክክለኛውን ከጎናቸው ጻፍኩ፤ ርዕሰ መምህሩም በእያንዳንዱ ላይ ፈረሙበት። ልጅቷን አስጠርቼ 100 የሚለውን አሳየኋትና ይቅርታ ጠየቅኋት። ልጁን ደግሞ ወረቀቱን ይዤ ክፍሉ ድረስ ሄጄ ½ ያለችበትን ቦታ በጣቴ አሳየሁት።