ሁለቱም ስድስት ናቸው

የስታቲስቲክስ መግቢያ ኮርስ ማጠቃለያ ፈተና በጋራ ስናርም የተነሳው ክርክር ዛሬም ሳስታውሰው ያስቀኛል፤ ትንሽም ያናድደኛል። ጥያቄው ስድስት ታካሚዎች መድኃኒት ከመጀመራቸው በፊትና ከጀመሩ ከወር በኋላ የተለካውን የላይኛውን የደም ግፊታቸውን በሠንጠረዥ አስቀምጦ፣ ለውጥ መኖር አለመኖሩን በ5 በመቶ ደረጃ እንዲፈትሹ ያዛል። በፊት 150፣ 142፣ 168፣ 135፣ 159፣ 146፤ በኋላ ደግሞ በዚያው ቅደም ተከተል 145፣ 138፣ 161፣ 133፣ 153፣ 140 ነበር።

አንዲት ተማሪ ለእያንዳንዱ ታካሚ ሁለቱን ቁጥሮች ቀንሳ 5፣ 4፣ 7፣ 2፣ 6፣ 6 አገኘች፤ ከዚያም በቀመር ወረቀቱ ግርጌ ያለውን፣ የልዩነቶቹን አማካይ ከስርጭታቸው ጋር የሚያነጻጽረውን t = d̄ / (s_d / √n) ተጠቅማ 6.85 ላይ ደረሰች። ይህ ከt ሠንጠረዥ ወሰን ከ2.571 ስለሚበልጥ ለውጥ አለ አለች። የማረሚያው መልስ ግን ሁለት የተለያዩ ሰዎች ቡድኖችን የሚያወዳድረውን የሁለት ነጻ ናሙናዎችን ቀመር ይዞ 0.78 ስለሚል፣ ለውጥ መኖሩን የሚያሳይ ማስረጃ የለም ባይ ነበር። ተማሪዋ ዜሮ ተሰጥቷት ነበር።

ማረሚያውን ያዘጋጁት የኮርሱ አስተባባሪ በዕድሜም በማዕረግም ይበልጡኛልና በትሕትና ጠየቅኋቸው።

«ጥያቄው ላይ d የሚባል ነገር የት አለ?» አሉኝ።

«ቀንሰን የምናገኘው ነው እንጂ አይሰጥም፤ የተለኩት እኮ ያው ሰዎች ናቸው።»

«ወረቀቱ n₁ እና n₂ ይላል። ሁለቱም ስድስት ናቸው። ምን ቀረ?»

ቁጥሮቹ እኩል መሆናቸው እሳቸውን ያሳመናቸው ነገር እኔን ያጠራጠረኝ መሆኑ ነው የሚያስቀኝ። በእርግጥ እኩልነት ብቻውን ቁጥሮቹ ከያው ሰው የተለኩ ጥንዶች መሆናቸውን አያረጋግጥም። ስለዚህ የሁለተኛውን ዓምድ ቁጥሮች አዘበራርቄ ጻፍሁና «አሁን የጠፋ ነገር አለ?» አልኋቸው። የእሳቸው 0.78 ንቅንቅ አላለም፤ አማካዮቹም የቁጥሮቹ ስርጭትም አይለወጡምና። የተማሪዋ ስሌት ግን ፈረሰ፣ ምክንያቱም የየትኛው ታካሚ ግፊት ከየት ወደየት እንደወረደ ማወቅ አልተቻለም። የታካሚዎቹ ግፊት እርስ በርስ በሰፊው ይራራቃል፤ ነጻ ናሙና ብለን ስንይዘው ያ ርቀት በቀመሩ ከማካፈያው መስመር በታች ይገባና አምስት ነጥብ የምታህለውን አማካይ ቅናሽ ይውጣታል። መቀነስ ግን ርቀቱን ያስወግደዋል።

አስተባባሪው ለረጅም ጊዜ ወረቀቱን ሲያዩ ቆዩና ነጥቡ እንዲመለስላት ፈቀዱ፤ አክለውም በሚቀጥለው ዓመት ከቀመሩ ጎን «ለበፊትና ለበኋላ» የሚል ማብራሪያ እንዲጻፍ አዘዙ። ተጻፈ። በዓመቱ ፈተና፣ ከአንድ ዘመቻ በፊት ስለተጠየቁ 20 ሰዎችና ከዘመቻው በኋላ ስለተጠየቁ ሌሎች 18 ሰዎች የሚያነሳ ጥያቄ ወጣ። ማብራሪያውን ያመነ አንድ ተማሪ ሁለቱን ትርፍ ሰዎች ሰርዞ የቀሩትን በተጻፉበት ተራ ቀናነሳቸው፤ አስተባባሪውም ወረቀቱን ምንም ሳይሉ ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።