ግሮስ እያወራን ኔት እንበላለን

ዛሬ ዝም ብሎ ከፍቶኛል። ምክንያት የለውም። ታክሲ ሰልፍ ላይ ዝናብ መታኝ፣ ቤት ስገባ ደግሞ መብራት የለም። ሻማ ፍለጋ መሳቢያውን ስጎረጉር አንዲት የተጣጠፈች ወረቀት አገኘሁ። የመጀመሪያ ደመወዜ ናት፣ 2010 ዓ.ም.። ጥቅሉ ወይም ግሮሱ 6,000፣ የሥራ ግብር 935፣ ጡረታ 420፣ የተጣራው ወይም ኔቱ 4,645። ጠርዟ ላይ በእስክሪብቶ «1,355??» ብዬ ጽፌአለሁ። ማንንም ግን አልጠየቅኩም። «ደመወዜ የት ሄደ?» ማለት ያሳፍራል ብዬ ነው መሰለኝ።

ታናሽ እህቴ እንደኔ አታፍርም። ባለፈው ወር የመጀመሪያ ደመወዟ የገባ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ደወለች።

«ጋሼ፣ ተዘርፌአለሁ!»

የቅጥር ደብዳቤዋ «የወር ደመወዝ ብር 15,000» ይላል። ከባንክ የመጣላት መልእክት ግን 10,750። ደብዳቤው አልዋሸም፣ መልእክቱም አልዋሸም። በሁለቱ መሃል ያለውን 4,250 ብር ግን ስትቀጠር ማንም አልነገራትም። እሷ ደግሞ ገና ሥራ ሳትጀምር ደብተር ላይ ሁሉንም አከፋፍላዋለች። የቤት ኪራይ ድርሻ 6,000፣ እቁብ 3,000፣ ታክሲ 2,500፣ ለእማዬ 2,000፣ ለራሷ 1,500። የራሷም የእማዬም ድርሻ ጠፋ፣ ከእቁቡም 750 ጎደለ።

ቀጥሎ የጠየቀችኝ ግን አሳቀኝ። የሥራ ባልደረባዋ «አንቺ 35 ፐርሰንት ውስጥ ነሽ» ብሏታል። የ15,000 ብር 35 ፐርሰንት 5,250 ነው። የተቆረጠባት ግብር ግን 3,200። «ተሳስተውልኛል መሰለኝ፣ ዝም ልበል?»

አልተሳሳቱም። ግብሩ ደረጃ በደረጃ ነው የሚሄደው። ከሐምሌ 2017 ወዲህ ባለው ስሌት የመጀመሪያው 2,000 ብር አይነካም። ከዚያ እስከ 4,000 ባለው 15 ፐርሰንት፣ እስከ 7,000 ባለው 20፣ እስከ 10,000 ባለው 25፣ እስከ 14,000 ባለው 30። 35 ፐርሰንት የሚያርፈው ከ14,000 በላይ ባለችው ላይ ብቻ ነው። የእሷ 1,000 ብር ናት፣ 350 ትከፍልበታለች። ከታች ያሉት እርከኖች 300፣ 600፣ 750 እና 1,200 ናቸው። ሲደመር 3,200። ፔሮል የሚሠሩት ሰዎች ይህን ሁሉ አይደምሩም፤ 15,000ን በ35 ፐርሰንት ያባዙና 2,050 ይቀንሳሉ፣ ያው ይመጣል። ስለዚህ «ጭማሪ ከመጣ እርከን እዘላለሁ፣ ደመወዜ ያንሳል» የሚሉት ነገር ተረት ነው። አያንስም።

የቀረው 1,050 ጡረታ ነው፣ 7 ፐርሰንት። ብዙ ሰው የማያውቀው አለ፦ ግብሩ የሚሰላው ጡረታው ሳይነሳ በሙሉው 15,000 ላይ ነው። አሠሪዋ ደግሞ ከራሱ ኪስ 11 ፐርሰንት፣ 1,650 ብር፣ ይጨምርላታል። እሱ ወደ እጇ ስለማይመጣ እንዳለ እንኳ አታውቅም። 22 ዓመት ላለው ሰው ጡረታ ማውራት ግን ምን ዋጋ አለው? «እስከዚያ ማን ይኖራል» አለችኝ።

ይልቅ ያናደዳት ሌላ ነው። «ታዲያ 15,000 እጄ እንዲገባ ስንት ልጠይቅ ነበር?» አለች። እኔም ስልኬ ላይ መታሁት። ከ14,000 በላይ ካለው ከእያንዳንዷ ብር 35 ሳንቲም ለግብር፣ 7 ሳንቲም ለጡረታ ትሄዳለች። የሚተርፈው 58 ሳንቲም ነው። ሒሳቡ ወደ ኋላ ሲሄድ 22,328 ብር ገደማ ወጣ። ስልኩ ውስጥ ረጅም ዝምታ። ለካስ ቃለ መጠይቁ ላይ «ስንት ትጠብቂያለሽ?» ሲሏት በልቧ ኔቱን ይዛ በአፏ የተናገረችው ግሮሱን ነው። «1,000 ብር ጨመርንልሽ» ቢሏትም 580 ናት የምትገባው። ያውም የዩኒቨርሲቲው የወጪ መጋራት ገና አልተጀመረባትም። እሱን አልነገርኳትም። አንድ ቀን አንድ ሐዘን ይበቃል።

ይህን ሁሉ እንደ አዋቂ ካስረዳሁ በኋላ ግን ራሴን ታዘብኩት። አማቼ ደመወዜን ሲጠይቁኝ የነገርኳቸው ግሮሱን ነው። ብድር መጠየቅ የማይሰለቸው ጓደኛዬ ሲጠይቀኝ ደግሞ ኔቱን፣ ያውም እቁቡን ቀንሼ። ባለፈው እሁድ ልቅሶ ቤት ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲያወሩ አይቻለሁ።

ስለ ምን ይሆን ያወሩት?