የግመል ሥጋን በበሬ ሥጋ ሰዓት አትለኩት

የግመል ሥጋ ድርቅ ይላል ሲባል ብዙ ሰምቻለሁ። ግማሹ እውነት ነው። የቀረውን ግማሽ ለማጣራት የግመልና የበሬ ሥጋ ጎን ለጎን ጣድኩ። ከሁለቱም ወርች ወሰድኩ፤ አጥንት የሌለው፣ 1 ኪሎ 1 ኪሎ። ወርች ቀኑን ሙሉ እንስሳውን ተሸክሞ የሚውል ጡንቻ ነው። ጅማት ይበዛዋል። ስለዚህ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ የሚታየው እዚያ ነው።

ገና ቢላ ሳላነሳ ልዩነቱ ታየኝ። በበሬው ሥጋ ውስጥ ቀጫጭን ነጭ መስመሮች አሉ፤ ስቡ ከቀዩ ሥጋ ጋር ተሰባጥሯል። የግመሉ ግን ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነው ማለት ይቻላል። አልፎ አልፎ የሚታየው ነጭ ነገርም አብዛኛው ጅማት ነው። መለየቱ አይከብድም። ስብ በጣት ሲታሽ ይለሰልስና ጣት ያወዛል፤ ጅማት ግን ቢያሹትም ያው ነው።

በቁጥር ካየነው፣ በወጣት ግመል 100 ግራም ቀይ ሥጋ ውስጥ ያለው ስብ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ግራም ነው። የበሬ ሥጋ እንደ አቀላለቡና እንደ ብልቱ በጣም ይለያያል፤ በደንብ የደለበ በሬ ግን ከ10 ግራም በላይ ሊይዝ ይችላል። ግመል ስብ የለውም ማለት ግን አይደለም። ስቡን ሻኛው ላይ ነው ያከማቸው። የበሬ ሥጋ የሚለሰልስበትን ስብ ውስጡ ይዞ ድስት ይገባል። የግመሉን እኛ ነን የምንጨምርለት።

ስለዚህ ከሥጋው ጋር 100 ግራም ያህል ሻኛ ገዛሁ። ሻኛውን በትንንሹ ከተፍኩት። ወፍራም ድስት ውስጥ ከግማሽ ስኒ ውሃ ጋር አድርጌ በትንሽ እሳት ጣድኩት። ውሃው የተጨመረው ስቡ ሳይቀልጥ ከሥር እንዳያር ነው። መጀመሪያ ድፍርስ ይላል። ውሃው ተኖ ሲያልቅ ድምፁ ይቀየራል፣ ስቡም ጥርት ይላል፣ ፍርፋሪዎቹም ወርቃማ ይሆናሉ። ያኔ ፍርፋሪውን አወጣሁ። (ጨው ነስነስ አድርጋችሁ ቅመሱት፤ ለእንግዳ አይተርፍም።) ጭስ ካያችሁ እሳቱ በዝቷል ማለት ነው። ያረረ ስብ ደግሞ መራራ ጣዕሙ ድስቱን በሙሉ ይከተላል።

የሻኛ ስብ አንድ አመል አለው፤ ቶሎ ይረጋል። ምግቡ ለብ ሲል ከንፈር ላይ ይጣበቃል። ለዚህ ነው ከቀለጠው ግማሹን ብቻ ተጠቅሜ የቀረውን በዘይት የተካሁት። ጣዕሙ አይጠፋም፣ መርጋቱ ግን ይቀንሳል።

ሥጋውን ትላልቅ አድርጌ፣ በእያንዳንዱ ጎን 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቆረጥኩት። ትንንሽ ቢሆን ውሃውን ሁሉ ለቆ ያልቃል። የግመል ሥጋ ከበሬ ይልቅ ብዙ ውሃ ይይዛል፤ ድስቱ ከተጨናነቀ ከመጠበስ ይልቅ በራሱ ውሃ ይቀቀላል። ስለዚህ ጥቂት ጥቂት እያደረግኩ ጠባበስኩት። ከዚያ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ሥጋውን ግማሽ ድረስ የሚሸፍን ሙቅ ውሃ፣ ክዳን። የበሬውንም እንዲሁ አደረግኩ፤ ለእሱ ግን ትንሽ ዘይት ብቻ በቃው።

እሳቱ ላይ ነው ዋናው ጉዳይ። ሥጋ ከ60 ዲግሪ ሲያልፍ ክሮቹ ይሸማቀቁና ውሃቸውን ይለቃሉ። ጅማቱ ግን ቀልጦ ለስላሳ የሚሆነው ከ70 ዲግሪ በላይ ቆይቶ ነው፣ ያውም ቀስ እያለ። በመሃል ያለው ጊዜ መጥፎ ነው። ሥጋው ውሃውን አጥቷል፣ ጅማቱ ገና አልቀለጠም። የግመል ክር ወፍራም ስለሆነና ጅማቱም በተለይ በዕድሜ ስለሚጠነክር፣ ይህ መጥፎ ጊዜ ከበሬው ይረዝማል።

ከተጣደ 2 ሰዓት ገደማ ሲሆነው ይህንኑ አየሁ። በበሬው ላይ ሹካ ወግቼ ጠመዘዝኩ፤ ሥጋው ተላቀቀ። መረቁም ላይ የስብ ዓይኖች ይንሳፈፋሉ። የግመሉ ሹካውን እንደ ላስቲክ መለሰው። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው። አንዱ "በቃ አይበስልም" ብሎ ያወጣዋል፣ ሌላው እሳቱን ያንቀለቅለዋል። እሳት መጨመር የጅማቱን መቅለጥ ትንሽ ቢያፋጥን ነው፣ ክሮቹን ግን ይጨምቃቸዋል። መጨረሻ ላይ የሚገኘው የተተለተለና ድርቅ ያለ ሥጋ ነው። እኔ ዳር ዳሩ ላይ ብቻ ቡልቅ ቡልቅ እንዲል እሳቱን ቀንሼ ተውኩት። ውሃው ሲጎድል ሙቅ ውሃ እጨምራለሁ።

ሦስት ሰዓት ተኩል ሲቃረብ ሹካው ያለ ትግል ዞረ። ድስቱን አውርጄ ሳልከፍት ከመረቁ ጋር ግማሽ ሰዓት ያህል አሳረፍኩት። ይህን ለበሬው ባታደርጉም ብዙ አይጎዳም። ለግመሉ ግን ትልቅ ለውጥ ያመጣል፤ ውስጡ ስብ ስለሌለ ከመረቁ ወጥቶ አየር ላይ ከቆየ ላዩ ይደርቃል።

ጣዕሙስ? የግመሉ ትንሽ ጣፋጭነት አለው፤ ጡንቻው ውስጥ ግላይኮጅን የሚባል ስኳር መሰል ነገር ከበሬው በርከት ይላል። ክሩ ወፈር ብሎ በጥርስ ይታወቃል። የበሬው አፍ ውስጥ ይሟሟል። የቱ ይበልጣል ብትሉኝ፣ ለመረቅ የበሬውን፣ ለማኘክ የግመሉን እመርጣለሁ።

ሰዓቱን ግን እንደ ሕግ አትያዙት። የሚወስነው ዕድሜ ነው። ከ3 ዓመት በታች የሆነ ግመል ሥጋው ለበሬ ይቀርባል፣ በጣም ቶሎም ይበስላል። ያረጀው 4 ሰዓትም ሊያልፍ ይችላል። ሻጩን ስለ ዕድሜው መጠየቅ ጥሩ ነው። መልሱ ካላሳመናችሁ ሥጋውን እዩት። የጠቆረ ቀይ፣ ክሩ በዓይን የሚቆጠር፣ ጅማቱ ወፍራም ከሆነ ዕድሜ ጠግቧል። ለመጥበሻ አታስቡት።

መጥበሻ ለወጣት ግመል ሽንጥ ነው። ክሩ ወዴት እንደሚሄድ አይታችሁ አቋርጣችሁ በስሱ ቁረጡ። ወፍራሙ ክር ካጠረ ጥርስ አይታገልም። መጥበሻው በጣም ይጋል፣ ሥጋው ይደራረቅ፣ ጨው መጨረሻ ላይ ይግባ። ቀለሙ እንደተቀየረ አውጡ። የበሬ ሽንጥ እሳት ላይ ትንሽ ቢዘገይ ስቡ ይክሰዋል፣ የግመሉ ግን የሚክሰው የለውም።

ለመፍጨትም ያው ስሌት ነው። ብቻውን ከተፈጨ ይፈረፈራል፤ በ800 ግራም ሥጋ 200 ግራም ያህል ሻኛ አብራችሁ ፍጩ። ሻኛው ቀድሞ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቆይቶ ቢደነድን ይሻላል፣ ሞቆ ከገባ መፍጫው ላይ ይለጠፋል። የተፈጨውን መሃሉ ላይ ቀይ እስከማይቀር አብስሉት።

ከወርቹ የተረፈውን ከነመረቁ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀመጥኩት። በማግስቱ ስቡ ላዩ ላይ ነጭ ሆኖ ረግቶ ነበር። ሲበዛብኝ ከፊሉን በማንኪያ አነሳሁ። ሥጋውን ቀዝቃዛ እንደሆነ ክሩን አቋርጬ ቆረጥኩና ከመረቁ ጋር በትንሽ እሳት አሞቅኩት። ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ለስልሶ አገኘሁት።