ሒሳብ ከመዝጋቴ በፊት የምመልሳቸው ሦስት የማታ ጥያቄዎች

የትናንሽ ነጋዴዎችን የሒሳብ መዝገብ እይዛለሁ። የአንዱ የባንክ ማስታረቂያ፣ የሌላው የደመወዝ ሰነድ፣ የሦስተኛው የቫት ማሳወቂያ በአንድ ቀን ይደራረቡብኛል። ስልክ በተደወለ ቁጥር የያዝኩትን ትቼ ሌላ አነሳለሁ። ማታ ላይ ትዝ የሚለኝ ታዲያ ያልሠራሁት ብቻ ነበር። ስለዚህ ኮምፒውተሩን ሳልዘጋ፣ ወረቀቶቹ ፊቴ እንዳሉ፣ ሦስት ጥያቄዎችን በደብተር መመለስ ጀመርኩ። ምን አለቀ? ምን ተንከባለለ? ነገ በምን ልጀምር?

የመጀመሪያው ቀላል ነው። «አለቀ» የምለው ለሌላ ሰው ሊሰጥ የሚችለውን ብቻ ነው። «ደመወዝ ላይ ስሠራ ዋልኩ» አይቆጠርም። «የሐምሌ ደመወዝ ሰነድ ለባለቤቱ ተላከ» ይቆጠራል። ገና ያላለቀውን የደረስኩበትን ነጥብ ጠቅሼ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ አወርደዋለሁ።

ከባዱ ሁለተኛው ነው። መጀመሪያ ላይ «ለምን አልተሠራም?» ብዬ ነበር የምጠይቀው። መልሱ ሁልጊዜ ያው ነው፦ ጊዜ አጣሁ፣ ደከመኝ፣ ሰው መጣ። እውነት ነው፤ ግን ለነገ የሚሰጠኝ ነገር የለም። ጥያቄውን «የት ላይ ቆመ?» ወደሚል ስቀይረው መልሶቹ ተለዩ። አንዳንዱ ሥራ የቆመው ደንበኛው ደረሰኝ ስላላመጣ ነው። አንዳንዱ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ ስላልታወቀኝ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ አልተነካም። ደረሰኝ ለጎደለው ስልክ መደወል ነው የሚያስፈልገው፤ መላው ለጠፋኝ ደግሞ በጸጥታ መቀመጥ። «ደከመኝ» ብሎ መጻፍ ሁለቱንም አንድ ያደርጋቸዋል።

አንዱን ማታ ላሳያችሁ። የአንድ ሱቅ መዝገብ ከባንኩ ስቴትመንት ጋር አልገጥም ብሎኝ ዋለ። ደብተሬ ላይ «ማስታረቂያው አላለቀም» ብዬ ብተወው ኖሮ ጠዋት ከገጽ 1 እንደገና እጀምር ነበር። የጻፍኩት ግን ይህን ነው፦ «እስከ ገጽ 3 ተመሳክሯል፣ ልክ ነው። ልዩነቱ 4,500 ብር። ለ9 ይካፈላል።»

የሒሳብ ሰው የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ያውቃታል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አኃዞች ቦታ ሲቀያየሩ የሚፈጠረው ልዩነት ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላል። ለ9 የተካፈለ ልዩነት ሁሉ ግን ከዚያ የመጣ አይደለም፤ የተዘለለ ደረሰኝም ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ፍለጋው ከየት እንደሚጀመር ይጠቁማል። ለሦስተኛው ጥያቄ የሰጠሁት መልስም ከዚያው ወጣ፦ «ጠዋት 2፡30፣ ኢሜይል ሳልከፍት፣ ከገጽ 4 ጀምሮ አኃዛቸው የተገለበጠ ገቢዎችን መፈለግ።» ጠዋት ባንኩ 8,300 ያለው ገቢ መዝገቡ ላይ 3,800 ሆኖ ተገኘ።

ሦስተኛው መልስ እንዲህ ዝርዝር መሆኑ ዝም ብሎ አይደለም። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልዊትዘር «መቼና የት ምን እንደማደርግ» ተብሎ የታሰበ ዕቅድ ከደፈናው ሐሳብ ይልቅ እንደሚፈጸም አሳይቷል። በአሜሪካ የቤይለር ዩኒቨርሲቲ ማይክል ስከሊንና ባልደረቦቹ በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ደግሞ 57 ወጣቶችን ከመኝታ በፊት ለ5 ደቂቃ አስጻፉ። የሚቀራቸውን ሥራ የጻፉት፣ የጨረሱትን ከጻፉት በአማካይ 9 ደቂቃ ያህል ቀድመው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ከእነሱም የሚቀራቸውን በዝርዝር የጻፉት ይበልጥ ቶሎ ተኙ። አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ የተደረገ ትንሽ ጥናት ነው። እኔን ግን የጥያቄዎቹን ቅደም ተከተል አስወስኖኛል፤ የነገው የመጨረሻ ሆነ።

የነገው እርምጃ የሌላ ሰው ፈቃድ የሚጠብቅ መሆን የለበትም። «ከአቶ እገሌ ደረሰኝ መቀበል» የእሳቸው ሥራ ነው፤ የእኔ «3 ሰዓት ላይ ደውዬ የጎደሉትን የደረሰኝ ቁጥሮች መንገር» ነው።

ይህን ቤት ወስጄም ሞክሬዋለሁ። እራት ቀርቦ ደብተር መግለጥ ከቤተሰብ ያጣላል። ደግሞም ገጹ ፊት ለፊቴ ከሌለ «እስከ ገጽ 3» ብዬ መጻፍ አልችልም። በጣም በደከመኝ ማታ ሁለቱን ትቼ ሦስተኛውን ብቻ እመልሳለሁ።

አንድ ሥራ ለሦስተኛ ማታ ከተንከባለለ በዚያው ቃል አልጽፈውም። ወይ ወደ ትንንሽ ሥራዎች እከፋፍለዋለሁ፣ ወይ ለደንበኛው ደውዬ አዲስ ቀን እንቀጥራለን፣ ወይ እሰርዘዋለሁ። ቅዳሜ ማታ ደግሞ ትንሽ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ የፋይሉን ስም፣ የገጹን ቁጥር፣ የመጨረሻውን ድምር ጭምር። እሑድ መሐል ገብቶ እስከ ሰኞ ብዙ ነገር ይጠፋል።