ያልጨረሱትን ለምን ቆጠራችሁ?

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከቤት አልወጣሁም። የድሬ ሙቀት ከሰባት ሰዓት በኋላ ምንም አያሠራም፤ እኔ ግን መስኮቱን ከፍቼ የጥናት ጽሑፋችንን ለገመገሙት ሰዎች የምንልከውን የምላሽ ደብዳቤ ስጽፍ ዋልኩ። አብዛኛው ቶሎ አለቀ። ቀኑን የበላው የሁለተኛው ገምጋሚ አንድ ጥያቄ ነው።

ጥናታችን ድብርት ያለባቸውን ሰዎች በዕጣ ለሁለት ይከፍላል። አንዱ ቡድን በየሳምንቱ የንግግር ሕክምና ያገኛል፤ ሌላው የተለመደውን የጤና ጣቢያ አገልግሎት። ለውጡን የምንለካው ፒኤችኪው-9 በሚባለው የድብርትን ክብደት የሚለካ መጠይቅ ነው። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት የሚመለከቱ 9 ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጠዋል፤ ድምሩ ቢበዛ 27 ይሆናል። ገምጋሚው ያለው ይህን ነው፦ ሕክምናውን ያቋረጡ ሰዎች ውጤቱን ያደበዝዙታል፤ የጨረሱትን ብቻ ለምን አልተነተናችሁም?

ትናንት የጻፍኩት መልስ ቁጣ ነበረበት። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ አነበበውና "እሱ የጠየቀሽን እኮ አልመለስሽለትም፤ በምሳሌ አሳዪው" አለኝ። እውነቱን ነው። ዛሬ ከዚያ ጀመርኩ።

10 ሰዎች ሕክምና ጀመሩ እንበል፤ ሁሉም 15 ነጥብ አላቸው። 6ቱ ጨርሰው ወደ 7 ወረዱ። 4ቱ አቋረጡ፤ 15 ላይ ቀሩ። የጨረሱትን ብቻ ብንቆጥር ሕክምናው በአማካይ 8 ነጥብ አሻለ እንላለን። አሥሩንም ብንቆጥር 4.8 ነው። አንድ ጤና ጣቢያ ይህን ሕክምና ነገ ቢጀምር በሩን የሚገቡት አሥሩም ናቸው፤ ማን እንደሚጨርስ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

ከዚህ የሚብስም አለ። ዕጣ ያወጣነው ሁለቱ ቡድኖች ሲጀምሩ እንዲመሳሰሉ ነው። እስከ መጨረሻው የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ አቅም ያለው፣ ቤቱ ቅርብ የሆነ፣ ቤተሰብ የሚደግፈው ነው። ከአንዱ ቡድን እነዚህን ብቻ መርጠን ከሌላው ቡድን ሁሉ ጋር ካወዳደርን ዕጣው ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ልዩነቱ የሕክምናው ይሁን የሰዎቹ ማወቅ አይቻልም። እያንዳንዱን ሰው ዕጣ ባደረሰው ቡድን ውስጥ መቁጠር፣ ኢንቴንሽን ቱ ትሪት የሚባለው፣ ለዚህ ነው ያለው።

ይህን ስጽፍ የመገኘት መቆጣጠሪያው ወረቀት ፊቴ ነበር። አንድ ረድፍ ላይ ሦስት ምልክት አለ፤ ከዚያ ባዶ። ሴትየዋ መጋላ ገበያ ትሸጣለች። ስንደውልላት "ተሽሎኛል፤ ለዚያ ነው የቀረሁት፤ ቀጠሮውም በሥራ ሰዓቴ ነው" አለችን። ከሷ በታች ያለው ሰውዬ ደግሞ ጭራሽ ስልክ አያነሳም። ሁለቱም በኮምፒውተሩ ላይ አንድ ዓይነት ባዶ ቦታ ናቸው።

ስለዚህ ገምጋሚው በአማራጭ ያቀረበውን፣ የመጨረሻውን ነጥብ ጎትቶ ባዶው ላይ መሙላትን፣ አልተቀበልኩም። እንዲያ ስናደርግ ሰው በቀረበት ቀን እንደነበረ ደርቆ ቀረ እያልን ነው። ሴትየዋ ከዚያ በላይ ተሽሏት ሊሆን ይችላል፤ ሰውየው ብሶበት። እኛ የተጠቀምነው ሚክስድ ሞዴል የሚባለው የስሌት ዘዴ ባዶውን አይሞላም። ከእያንዳንዱ ሰው ያለውን ልኬት ሁሉ ይወስዳል፤ ሁለት ጊዜ ብቻ የተለካም ሰው ከስሌቱ አይወጣም።

ግን ሞዴሉ አንድ ነገር አምኖ ይነሳል፦ ሰው የቀረበት ምክንያት በያዝነው መረጃ ውስጥ ይታያል ብሎ። ከመጨረሻው ልኬት በኋላ ብሶበት የቀረ ሰው ካለ ሞዴሉ አያውቀውም። እዚህ ላይ የገምጋሚው ስጋት ትክክል ነው፤ ደብዳቤው ላይም እንዲሁ ጻፍኩ። አንድ ተጨማሪ ፍተሻም ሠራን። ከሕክምናው ቡድን የቀሩት ሰዎች ሞዴሉ ከገመተው በ1 ነጥብ የባሱ ናቸው ብለን አሰላን፤ ቀጥሎ በ2፣ በ3 እያልን፣ በቡድኖቹ መካከል ያለው ልዩነት እስኪጠፋ ድረስ። የሚጠፋበትን ቦታ በሠንጠረዥ አስገባን፤ ያን ያህል መባስ ይታመናል ወይ የሚለውን አንባቢ ራሱ ይመዝን። የጨረሱትን ብቻ የያዘውንም ትንታኔ በአባሪ ጨመርን፤ ግን ዋና ውጤት እንዳልሆነ በግልጽ ጽፈን።

ያመመኝ ሌላ ነው። ሰዎች ለምን እንደቀሩ ከመጀመሪያው በሥርዓት አልመዘገብንም። የደወልነው ዘግይተን ነው፤ ያገኘነውም ጥቂቱን። ይህን በየትኛውም ስሌት መመለስ አይቻልም፤ በጥናቱ ውስንነት ሥር በሁለት ዓረፍተ ነገር አስቀመጥኩት።

ደብዳቤው ሰኞ ይሄዳል። ማታ ነፈስ ሲል የሚቀጥለውን ዙር መቆጣጠሪያ ወረቀት አወጣሁና ከቀኑ ዓምድ ቀጥሎ አንድ ዓምድ ጨመርኩ፦ "የቀረበት ምክንያት፣ በራሱ አነጋገር"።