ኮቱ አዲስ ነው ያለው ማን ነው?

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ያገለገሉ ልብሶች የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ነው የምሠራው። ሰዎች ቁም ሣጥናቸውን ሲያጸዱ ያመጡልናል። እኛ ፎቶ አንስተን ኢቤይ ላይ ፖስት እናደርጋለን። ሲሸጥ ከባለቤቱ ጋር እንካፈላለን። የኔ ድርሻ የሚመለሱትን ዕቃዎች ተቀብሎ ለምን እንደተመለሱ ማየት ነው። ደስ የሚል ሥራ አይደለም፤ ግን ሰው ምን አይቶ እንደሚገዛ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ቦታ የለም።

ባለፈው ክረምት አንድ ጥቁር ሰማያዊ የሴት ኮት ተመለሰልን። ገዢዋ የጻፈችው አጭር ነበር። ለእናቴ ስጦታ የገዛሁት አዲስ የሱፍ ኮት ነበር፣ የመጣልኝ ግን የተለበሰ ነው፣ ሙሉ ሱፍም አይደለም ትላለች።

የሱቁ ባለቤት እትዬ ተቆጡ። "መግለጫው ላይ ቁልጭ ብሎ ተጽፎ የለም እንዴ? ሰው ካላነበበ እኔ ምን ላድርግ!"

እውነታቸውን ነው፣ ተጽፏል። ፖስት የሚያደርገው ልጅ ታማኝ ልጅ ነው። መግለጫው ላይ ጨርቁ የሱፍ ቅልቅል መሆኑን፣ ጥቂት ጊዜ መለበሱን፣ ከላይ ሁለተኛው ቁልፍ መቀየሩን፣ አንገቱ ላይ ያለው የብራንድ ሌብል መቆረጡን ሁሉ ዘርዝሯል። አንድም የደበቀው ነገር የለም።

ችግሩ ያለው ከመግለጫው በላይ ባሉት ሳጥኖች ውስጥ ነው። Condition የሚለው ላይ New without tags ተመርጧል። Outer Shell Material ላይ Wool ተሞልቷል። Brand ላይ ደግሞ የአንድ ኩባንያ ስም ተቀምጧል። በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ኮት እየሸጥን ነበር፤ አንዱ በሳጥኖቹ ውስጥ ያለው አዲስ የሱፍ ኮት፣ ሌላው በመግለጫው ውስጥ ያለው የተለበሰ ቅልቅል ኮት።

ስልኬን አውጥቼ ገጹን ለእትዬ ከፈትኩላቸው። መጀመሪያ ፎቶ፣ ከዚያ ርዕሱ፣ ዋጋው፣ ቀጥሎ የዕቃው ሁኔታ፣ ወረድ ሲል ብራንዱና ጨርቁ። መግለጫው ከሥር ነው፤ እሱም ቅንጫቢው ብቻ ነው የሚታየው፣ ቀሪውን ለማንበብ መንካት ያስፈልጋል። ስልክ ላይ ሆኖ የሚገዛ ሰው እዚያ ሳይደርስ ይወስናል። ይህን አይተው ዝም አሉ።

ነገሩ ግን ከዚህም ይቀድማል። ገዢዋ እኛ ጋ እንዴት መጣች? ኢቤይ ላይ ስትፈልግ ፍለጋው በዋናነት የሚያየው ርዕሱን ነው። መግለጫው ውስጥም ፈልግ ካላልከው በቀር አይገባም። በጎን ያሉት ማጣሪያዎች ደግሞ የሚሠሩት ሻጩ በሞላቸው ሳጥኖች ነው። ስለዚህ "ሱፍ" እና "አዲስ" ብላ ስታጣራ ሌላውን ሁሉ አስወግዶ የኛን ኮት ያሳያት እኛ ሳጥኖቹ ውስጥ የሞላነው ነው። እሷ ዘንድ "ሱፍ ነው፣ አዲስ ነው" የሚለው ገጹን ሳትከፍት ያለቀ ጉዳይ ነው። ታዲያ መግለጫውን ለምን ታንብብ?

ገንዘቡን ካነሳን፣ ኮቱ የተሸጠው በ78 ዶላር ነበር። ዕቃው እንደተገለጸው አይደለም የሚል ገዢ ዕቃው ከደረሰው በኋላ 30 ቀን አለው። ጥያቄው እንዲያ ሲመጣ የመመለሻውን ፖስታ የሚከፍለው ሻጩ ነው። ለመላክ 14፣ ለማስመለስ 14፣ በድምሩ 28 ዶላር መንገድ ላይ ቀረ። "መግለጫው ላይ ጽፈናል" ብሎ መከራከር ይቻላል፣ ግን ሳጥኑንም የሞላነው እኛው ነን። ራሱ የጻፈውን በራሱ ጽሑፍ የሚያስተባብል ሻጭ ብዙ ርቀት አይሄድም።

እንዴት እንዲህ ሆነ ብዬ ልጁን ጠየቅሁት። ሦስቱም ሳጥኖች የተሳሳቱት በየራሳቸው ምክንያት ስለሆነ አንድ በአንድ ማየቱ ይጠቅማል።

የሱፉ ነገር ቀላል ነው። ከዚያ በፊት ፖስት ያደረገው እውነተኛ የሱፍ ኮት ነበር። ጊዜ ለመቆጠብ Sell similar የሚለውን ተጫነ። ይህ ቁልፍ የበፊቱን ማስታወቂያ ከነሳጥኖቹ ይገለብጣል። ልጁ ፎቶውን፣ ርዕሱንና መግለጫውን ቀየረ፤ ሳጥኖቹ ግን ሞልተው ስላገኛቸው የተጠናቀቁ መሰሉት። ባዶ ሳጥን ዓይን ይስባል፣ የተሞላ ሳጥን ግን ማንም አያየውም። ለዚህ ነው መቅዳት ከባዶ ከመጀመር የሚከፋው።

የ"አዲስ" ነገር ግን የአረዳድ ጉዳይ ነበር። "እትዬ እኮ እንደ አዲስ ነው ብለውኝ ነው" አለ። ኮቱን አይቼዋለሁ፣ እውነትም አዲስ ይመስላል። ነገር ግን New without tags ማለት ታጉ የጠፋ፣ ማንም ያልለበሰው ልብስ ነው። መልኩ አይደለም የሚጠየቀው፣ ታሪኩ ነው። አንድ ቀንም ተለብሶ ከሆነ ቦታው Pre-owned ነው፤ ውበቱ ደግሞ Excellent በሚለው ደረጃ ይገለጻል። ያገለገለ ዕቃ ላይ ደግሞ ከሁኔታው አጠገብ ማብራሪያ የሚጻፍበት ትንሽ ቦታ አለ። የተቀየረው ቁልፍ መጻፍ የነበረበት እዚያ ነው፣ ምክንያቱም ከሁኔታው ጋር አብሮ ስለሚታይ።

ብራንዱ ከሁሉም አስገረመኝ፤ ልጁ የተሳሳተው ከስንፍና ሳይሆን ከትጋት ነው። የአንገቱ ሌብል ተቆርጧል። ቅናሽ ሱቆች ውስጥ ይህ የተለመደ ነው። ልጁ ግን የጎን ስፌቱ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ሌብል ፈልጎ RN የሚል ቁጥር አገኘ። ያንን ቁጥር የአሜሪካ ፌደራል ንግድ ኮሚሽን ድረ ገጽ ላይ አስገብቶ የኩባንያውን ስም አወጣ። ጎበዝ ነው! ችግሩ RN የሚነግርህ ልብሱን የሠራውን፣ ያስገባውን ወይም ያከፋፈለውን ድርጅት ነው። አንድ ኩባንያ ደግሞ በብዙ የብራንድ ስሞች ልብስ ሊሸጥ ይችላል። ኮቱ ከነዚያ በየትኛው እንደተሸጠ ቁጥሩ አይናገርም። ስለዚህ Brand ላይ ያንን ስም መጻፍ ግምት ነው፣ መግለጫው ደግሞ "ሌብሉ ተቆርጧል" ይላል። እኛ Unbranded ብለን ሞልተን፣ መግለጫው ላይ ሌብሉ መቆረጡን ከነ RN ቁጥሩ ጻፍነው። ማወቅ የፈለገ ገዢ ራሱ ያጣራ።

እዚህ ላይ እትዬ አንድ ጥያቄ አነሱ። እኔ የማከብረው ጥያቄ ነው።

"እሺ፣ ቅልቅል ብለን እንሙላ። ሱፍ ብሎ የሚፈልገው ሰው ታዲያ መቼ ያየናል?"

ልክ ናቸው። ሳጥኑን በትክክል ስትሞላ የሚያይህ ሰው ሊቀንስ ይችላል። ብዙ ሻጭ ሳጥኑን አስፍቶ፣ እውነቱን መግለጫ ውስጥ የሚያስቀምጠው ለዚህ ነው። ሳጥኑ ገበያ ይጠራል፣ መግለጫው ከኅሊና ወቀሳ ያድናል፤ ስሌቱ ይህ ነው። ግን እንዲያ የሚመጣው ተመልካች የማይፈልግህ ተመልካች ነው። ሙሉ ሱፍ ፈልጎ ቅልቅል ያገኘ ሰው ወይ አይቶ ያልፋል፣ ወይ ገዝቶ ይመልሳል።

"እትዬ፣ ይቺ ሴትዮ አይታን ምን አተረፍን?" አልኳቸው።

"28 ዶላር ከሰርን" አሉና ሳቁ።

ለ"ሱፍ" ፈላጊ የሚሆን እውነተኛ መንገድ ግን አለ፣ እሱም ርዕሱ ነው። "የሱፍ ቅልቅል ኮት" ብለህ ርዕሱ ላይ ብትጽፍ ሱፍ ብሎ የሚፈልግ ሰው ያገኝሃል፣ ግን ምን እንደሆነ እያወቀ ነው የሚመጣው። የማይፈቀደው የሌላ ብራንድ ስም ርዕሱ ላይ መሰካት ነው። "የእገሌን ብራንድ የሚመስል" ዓይነት ርዕስ ኢቤይ ፍለጋን እንደማሳሳት ስለሚቆጥረው ማስታወቂያውን ሊያወርደው ይችላል።

አሁን ልጁ ቅደም ተከተሉን ገልብጦታል። ድሮ መግለጫውን ቀድሞ ይጽፍና ሳጥኖቹን በመጨረሻ ይነካካ ነበር። አሁን ልብሱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ የጎን ሌብሉን ያነባል፣ ሳጥኖቹን ከሌብሉ ላይ ብቻ ይሞላል፣ መግለጫውን የሚጽፈው ከሞላቸው ሳጥኖች ተነስቶ ነው። ሰማያዊው ኮት ሌብሉ ላይ 60 በመቶ ሱፍ፣ 30 በመቶ ፖሊስተር፣ 10 በመቶ ናይሎን ይላል። ገበሩ ደግሞ 100 በመቶ ፖሊስተር ነው። Outer Shell Material ላይ Wool Blend ሆነ፣ Lining Material ላይ Polyester። መግለጫው ላይ በመቶኛው ከነቁጥሩ ገባ። የገበሩን ጨርቅ የውጪው ሳጥን ውስጥ መሙላት ሌላው የምናየው ስህተት ነው፤ በተለይ ሌብሉ ላይ ሁለቱ ተከታትለው ሲጻፉ ዓይን የታችኛውን ይይዛል።

Sell similar አልቀረም፣ ቢቀር ሥራው አይገፋም። ግን ከተጫነው በኋላ መጀመሪያ የሚያደርገው ሁኔታን፣ ብራንድንና ጨርቅን ማጥፋት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ መግለጫው ሥር የሚለጠፍ አንድ የቆየ ጽሑፍ ነበረን። "ሁሉም ዕቃዎቻችን ንጹሕና እንደ አዲስ ናቸው" ይላል። እሱን ሙሉ በሙሉ ሰረዝነው። ቀዳዳ ያለው ሹራብ ሥር ሁሉ ሲለጠፍ ነው የኖረው።

ገና ያላለቀልን ነገር ምንም ሌብል የሌለው አሮጌ ልብስ ነው። አሜሪካ ውስጥ የሱፍ ዕቃ ይዘቱ እንዲጻፍበት ያዘዘው ሕግ የወጣው በፈረንጆች 1940 ነው። ሌሎች ጨርቆችን የሚመለከተው ደግሞ በ1958 ወጥቶ በ1960 ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ በፊት የተሰፋ ቀሚስ ሲመጣ፣ ወይም ሌብሉ ታጥቦ ታጥቦ ነጭ ሲሆን፣ እትዬ ጨርቁን በጣታቸው ያሹና "ይሄ ሐር ነው" ይላሉ። ብዙ ጊዜ ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም። ቢሆንም የጨርቁ ሳጥን የግድ ካልሆነ ባዶ እንተወዋለን። መግለጫው ላይ "ሌብል የለውም፣ ሲዳሰስ ሐር ይመስላል" እንላለን። ሳጥን "ይመስላል" ማለት አይችልም፤ መግለጫ ይችላል። እትዬ አልተዋጠላቸውም። ባለፈው ሳምንትም አንድ ሻሽ ላይ Silk ሞልተው አግኝቼ አጠፋሁት። እሳቸውም መልሰው ሞሉት።