ሳይገባኝ የምላት «የስ»

ትናንት የአሜሪካ ዜግነት ኢንተርቪውዬን አለፍኩ! ሁለተኛ ሙከራዬ ነው። የመጀመሪያው ላይ የወደቅኩት በንግግር ነበር። ድጋሚ ፈተናው ከ60 እስከ 90 ቀን ውስጥ ስለሚሰጥ፣ ሁለት ወር ተኩል ያህል ተለማመድኩ።

ስለ ታሪክና መንግሥት ጥያቄዎቹ ብዙ አልልም፤ ይሸመደዳሉ። ንግግሩ ግን የሚፈተነው በዋናነት N-400 በሚባለው የዜግነት ማመልከቻ ቅጽ ላይ ራሳችን በሞላነው መልስ ነው። እኔ ቅጹን ሰው ሞልቶልኝ፣ ፈርሜ ረስቼው ነበር።

የኔ በሽታ ሳይገባኝ «የስ» ማለት ነው። ይሉኝታ! ኦፊሰር ማስደገም ድፍረት ይመስለኝ ነበር። ያኔ «ሃቭ ዩ ኤቨር ክሌምድ ቱ ቢ ኤ ዩኤስ ሲቲዝን?» ስባል የያዝኳት «ሲቲዝን» የምትለዋን ብቻ ነው። ለሷ አይደል እንዴ የመጣሁት? «የስ!» አልኩ፣ በኩራት። ለካ ጥያቄው «ዜጋ ሳትሆን ዜጋ ነኝ ብለህ ታውቃለህ?» ነው። ማመልከቻ የሚያበላሽ መልስ! ኦፊሰሯ ደግማ ጠየቀችኝ። ደግሜ «የስ»።

«ታስረህ አታውቅም፣ አይደል?» የሚል ዓይነት ጥያቄም አለ። እኛ «አዎ» እንላለን፣ አላውቅም ለማለት። በእንግሊዝኛ «የስ» ብቻ ካላችሁ ሰሚው ግራ ይገባዋል። አሁን ሙሉውን እላለሁ፦ «ኖ፣ አይ ሃቭ ኔቨር ቢን አሬስትድ።» ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን የምንላት አዎማ ጭራሽ አትሠራም። ኦፊሰሯ የታመምኩ መስሏት «አር ዩ ኦኬ?» ብላኛለች።

የጠቀሙኝ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። ድምፁ ካመለጠኝ፦ «ኩድ ዩ ፕሊስ ሪፒት ዘ ኩዌስቸን?» ሰምቼው ቃሉ ካልገባኝ ግን ማስደገም ዋጋ የለውም፤ ያው ቃል ተመልሶ ይመጣል። ያኔ ቃሉን ጠርቼ «አይ ዶንት አንደርስታንድ ክሌም። ኩድ ዩ ሴይ ኢት አናዘር ዌይ?» እላለሁ። ኦፊሰሮች እንዲደግሙና በሌላ አነጋገር እንዲጠይቁ መመሪያቸውም ይላል። «ዋት?» ግን ተዉ፣ እንደ ቁጣ ይሰማል። ሁሉንም ጥያቄ ማስደገምም እንግሊዝኛ አይገባውም ያሰኛል፤ ስለዚህ የቅጹን ከባድ ቃላት አስቀድማችሁ አጥኑ። የጎረቤቴ ልጅ ጥያቄዎቹን እያፈራረቀች፣ አንዳንዴም ሆን ብላ እያጉተመተመች ታለማምደኝ ነበር። ከዩቲዩብ ቪዲዮ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ቪዲዮ በሌላ አነጋገር ንገረኝ ቢሉት አይመልስም።

ትናንት ያቺው ጥያቄ መጣች። ቃሉን አውቀዋለሁ፤ ግን ልቤ ስለመታ ኦፊሰሯን አነጋገሩን አስቀየርኳት። «ዲድ ዩ ኤቨር ቴል ሰምዋን ዩ አር ኤ ሲቲዝን?» አለችኝ። «ኖ። ኔቨር። አይ ሃቭ ኤ ግሪን ካርድ።» አበቃ። ድሮ ቢሆን የመሥሪያ ቤቴን ታሪክ ሁሉ እዘረግፍ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ፋርማሲ ደወለልኝ። በፍጥነት አንድ ነገር ጠየቁኝ፣ «የስ፣ የስ» ብዬ ዘጋሁ። በምን እንደተስማማሁ እስካሁን አላወቅኩም።